የስክሪን ቀረጻ ዕቅድና የንባብ ጽሑፍ፦ የኢትዮጵያን ቀን በኤክሴል መመዝገብ

ይህ ዕቅድ በቸርችል ጎዳና ላይ ለሚገኘው ቢሯችን የሥልጠና ክፍል የተዘጋጀ ሲሆን፣ በፒያሳና በአካባቢው ባሉ ሱቆች የሽያጭ መዝገብ የሚይዙ ሠራተኞች በስልካቸው የሚያዩትን አራት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ቪዲዮ ይመለከታል። ተመልካቾቻችን ኤክሴልን ለምደውታል፤ የሚቸገሩት ቀን ሲጽፉ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ይህን አንድ ችግር ብቻ ይዞ ይጨርሳል፤ ቀመር፣ ቻርትም ሆነ ኅትመት አይነሳበትም።

የአሠራሩ መሠረት ድምፅ ሲናገር እጅ እንዲያርፍ፣ እጅ ሲንቀሳቀስም ድምፅ ዝም እንዲል ነው። የምናሳየው ለውጥ በአንዲት ትንሽ ሴል ውስጥ በቅጽበት የሚፈጸም በመሆኑ፣ ተራኪዋ በዚያው ቅጽበት ከተናገረች ተመልካቹ ወይ ለውጡን ወይ ንግግሩን ያጣል። ለዚህም ሲባል ድምፁ አስቀድሞ ይቀዳል፤ ቀጂው ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በዝምታው ቦታ ላይ ብቻ ማውሱን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቅዳት ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ የአንዱ ስህተት ሌላውን ስለሚያስደግም አይመከርም።

የንባቡ ፍጥነት በደቂቃ 80 ቃል ገደማ ይሁን። በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ዘወትር የሚጠቀሰው 150 ቃል ለእኛ አይሠራም፤ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንና ተሳቢውን ጭምር በአንድ ቃል ስለሚሸከም በዚያ ፍጥነት ቢነበብ የዜና ጥድፊያ ይሆናል። ከዚህ በታች በቅንፍ የተጻፈው ቁጥር ዝምታው የሚቆይበትን ሰከንድ ያሳያል። ተራኪዋ ዝምታውን ልታሳጥረው አይገባም፤ ረዥም መስሎ የሚሰማት ስክሪኑን ስለማታይ ነው።

ድምፁ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ሳይበረታ፣ ከጎዳናው ጀርባ ባለው የመዝገብ ክፍል ይቀዳል። መደርደሪያዎቹን የሞሉት ፋይሎች የድምፁን ማስተጋባት ስለሚቀንሱ ከስብሰባ አዳራሹ ይልቅ ይህ ክፍል ይሻላል። የስክሪን ቀረጻው ሰኞ ጥር 18 በላፕቶፕ ይከናወናል። በ OBS Studio ውስጥ የምስሉ መጠን 1920×1080፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ፍሬም ይሁን፤ መብራት ቢሄድና ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ እስከዚያ የተቀዳው እንዳይበላሽ ፋይሉ በ mkv ይቀመጥና በኋላ ወደ mp4 ይቀየራል።

የኤክሴሉ ዕይታ 180 በመቶ ይሁን፤ በስልክ ላይ ከዚያ ያነሰ ፊደል አይነበብም። የቴሌግራምና የኢሜይል ማሳወቂያዎች ይዘጉ። የኮምፒውተሩ የቀን አጻጻፍ ወርን የሚያስቀድመው የአሜሪካ እንግሊዝኛ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አለበለዚያ ስክሪኑ ከንባቡ ጋር አይገጥምም።

ጠቋሚውን ለማጉላት የ PowerToys መሣሪያ የሆነው Mouse Highlighter በቂ ነው፤ Win+Shift+H ሲጫኑ ይበራል፣ የግራ ክሊክንም በቢጫ ክብ ያሳያል። ጠቋሚው ወደሚፈለገው ቦታ በቀጥታና በዝግታ ይሂድ። አንድን ነገር ለማሳየት ዙሪያውን ማሽከርከር ዓይን ያደክማል። ሴል ሲታይም ጠቋሚው ከሴሉ ላይ ሳይሆን ከቀኙ አጠገብ ይቁም፤ ላዩ ላይ ካረፈ ልናሳየው የፈለግነውን አኃዝ ራሱ ይሸፍነዋል። ሥራ በማይኖረው ጊዜ ባዶ በሆነው F ዓምድ ላይ ያርፋል።

የንባብ ጽሑፍ

ክፍል 1። ስክሪን፦ «ቀን»፣ «ዕቃ»፣ «ብዛት» የሚሉ ርዕሶች ያሉት ቅጽ። ዕቃውና ብዛቱ ተሞልቷል፤ ከ A2 እስከ A7 ባዶ ነው። ጠቋሚው F ላይ ነው።

ድምፅ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የሽያጭ ቀንን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ኤክሴል ላይ እንመዘግባለን። (2) ዓመቱን እናስቀድማለን፤ ወሩን እናስከትላለን፤ ቀኑን በመጨረሻ እንጽፋለን። ከጳጉሜን 5 ቀን 2016 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2017 ያሉ ስድስት ሽያጮችን እንጻፍ።» (25)

በዝምታው የሚጻፈው፣ ከእያንዳንዱ በኋላ Enter እየተጫኑ፦

```
2016-13-05
2017-01-02
2017-02-28
2017-02-29
2017-02-30
2017-03-01
```

ክፍል 2። ስክሪን፦ ጠቋሚው ከ A4 ቀኝ ይቆማል።

ድምፅ፦ «ጥቅምት 28ን ይመልከቱ። (3) የጻፍነው መልኩን ለውጦ ወደ ሴሉ ቀኝ ተጠግቷል። ኤክሴል የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ወስዶታል። (2) አሁን ደግሞ ከሥሩ ያለውን ጥቅምት 29ን ይመልከቱ። (4) እርሱ እንደጻፍነው በግራ ቀርቷል። በ2017 ፌብሩዋሪ 29 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል ተራ ጽሑፍ ነው ብሎ ትቶታል።»

ክፍል 3። ስክሪን፦ A2 ላይ ክሊክ፤ Data፤ ከዚያ A→Z። ጠቋሚው ወደ F ይመለሳል።

ድምፅ፦ «ይህ ለዓይን ብቻ የሚከብድ ነገር አይደለም። መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል እንደርድረው። (8) ጳጉሜን 5 ከኅዳር 1 በታች ወረደች። (3) ኤክሴል ቀን ያላቸውን ያስቀድማል፤ ጽሑፍ ያላቸውን ያስከትላል። አሁን ወደነበረበት እንመልሰው።» (4)

በዝምታው Ctrl+Z ይጫኑ።

ክፍል 4። ስክሪን፦ የ A ዓምድ ራስ ላይ ክሊክ፤ Home፤ General የሚለው ሳጥን፤ ከዝርዝሩ Text።

ድምፅ፦ «መፍትሔው ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ ማድረግ ነው። የዓምዱን ራስ እንመርጣለን። (4) Home ውስጥ General የሚለውን ሳጥን እንከፍታለን። (6) Text የሚለውን እንመርጣለን። (5) አይደንግጡ። በጥቅምት 28 ቦታ የመጣው 42794 የተባለ ቁጥር፣ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 28ን በውስጡ የሚይዝበት መለያ ነው። (3) እንዲህ የተቀየሩትን ሦስት ሴሎች ብቻ እንደገና እንጽፋቸው።» (18)

በዝምታው A3፣ A4 እና A7 በተራ ይጻፋሉ።

ክፍል 5። ስክሪን፦ ጠቋሚው F ላይ። እጅ አይንቀሳቀስም።

ድምፅ፦ «አሁን ስድስቱም በግራ ተሰልፈዋል፤ ጳጉሜንም ከመስከረም በፊት ናት። (3) አዲስ መዝገብ ሲከፍቱ ከመጻፍዎ በፊት ዓምዱን Text ያድርጉት፤ 42794ን የመሰለ ቁጥር አያጋጥምዎትም። ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ ሁለት ብቻ ሳይሆን ዜሮ ሁለት። (2) በዚህ መንገድ የተጻፈ ቀን ለመዝገብ እንጂ በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለማስላት አያገለግልም። አመሰግናለሁ።» (3)

በአርትዖቱ ላይ የጀርባ ሙዚቃ አይገባም፤ ዝምታው የታሰበበት ስለሆነ አርታኢው ባዶ መስሎት እንዳይቆርጠው አደራ። በክፍል 2 እና በክፍል 4 ብቻ ምስሉ ወደ A ዓምድ ቀረብ ይበል፤ መቅረቡም ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ይጠናቀቅ። ፋይሉ ዓርብ ጥር 22 ከመድረሱ በፊት ከሱቅ መዝገብ ያዦች አንዷ ያለ ማብራሪያ በስልኳ ትየው፤ ወደ ኋላ በመለሰችበት ቦታ ሁሉ በቀጣዩ ዝምታ ላይ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል።