ፑል ሪኩዌስትሽ ገብቷል፦ ምስጋናና ጥቂት አስተያየት

ሰላም እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ፑል ሪኩዌስትሽን ዛሬ ጠዋት መርጅ አድርጌዋለሁ። ከከፈትሽው 11 ሳምንት ሆኖታል፤ 14 ጊዜ ከልሰሽዋል። እጅሽ ይባረክ። አውቶማቲኩ መልእክት «ተዘግቷል» ብሎ ብቻ ስለሚያልፈው፣ የሠራሽው ሥራ ለእኛ ምን እንደሆነ ራሴ ልጽፍልሽ ፈለግሁ።

ካንቺ ማስተካከያ በፊት ፋይል ስናነብ 8192 ባይት 8192 ባይት እየቆረጥን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ዲኮድ እናደርግ ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል በ`UTF-8` ሦስት ባይት ይወስዳል፤ 8192 ደግሞ ለሦስት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። ጽሑፉ ያለ ክፍተት ፊደል ብቻ ቢሆን፣ 2731ኛው ፊደል ሁለት ባይቱ በመጀመሪያው ቁራጭ ይቀርና ሦስተኛው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በፊደሉ ቦታ `�` ይወጣል። የእኛ ቴስቶች በሙሉ በላቲን ፊደል የተጻፉ፣ አንዱ ፊደል አንድ ባይት የሆነባቸው ስለነበሩ ሁልጊዜ ያልፉ ነበር። «አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይበላሻል» ብለው ለጻፉልን ሰዎችም ፋይላችሁን አጣሩ እያልን መልሰናል። ስህተቱ የእኛ መሆኑን ባይት በባይት ቆጥረሽ ያሳየሽን አንቺ ነሽ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ኮድ ይህን ያህል አጭር መሆኑ ደስ ይለኛል፦

```python
decoder = codecs.getincrementaldecoder("utf-8")()
for chunk in chunks:
    yield decoder.decode(chunk)
yield decoder.decode(b"", final=True)
```

የመጨረሻዋን መስመር በስምንተኛው ክለሳ ራስሽ ነሽ የጨመርሽው፤ ማናችንም አላሰብናትም ነበር። እሷ ባትኖር ግማሽ ፊደል ላይ የተቋረጠ ፋይል ያለ ምንም ስህተት ያነበብን መስሎን እናልፍ ነበር።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ቴስቱን ነው። `"aéሀ😀"` ውስጥ የአንድ፣ የሁለት፣ የሦስትና የአራት ባይት ፊደላት አሉ፤ ድምሩ 10 ባይት ነው። አንቺ ከ1 እስከ 10 ባይት ባለው የቁራጭ መጠን ሁሉ አስነበብሽው። ፊደል ሊቆረጥ የሚችልበት ቦታ አንድም አልቀረም። ከአሁን በኋላ ይህን ኮድ የሚነካ ሰው ሳያውቀው ቢሰብረው ወዲያው ይነገረዋል።

አሁን ደግሞ አስተያየቴን ልንገርሽ፤ ቀጣዩ ሥራሽ እንዲፈጥንልሽ ስለምፈልግ በግልጽ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ዲፍ ከ600 መስመር በላይ ነበር፤ የገባው 38 መስመር ነው። ልዩነቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የስም ለውጥና ክፍተት ማስተካከል ነበር። ለውጡ ጠቃሚ ቢሆንም ለብቻው ቢመጣ በአንድ ቀን እናስገባው ነበር። ከማስተካከያው ጋር ሲደባለቅ ግን ዋናውን ነገር ፈልገን ማግኘት አቃተን። ሁለተኛው ዲኮድ ያልሆነውን ባይት ዝም ብሎ የሚጥለው `errors="ignore"` ነው። ሪቪው ላይ ስቃወመው ጠንከር አድርጌ ስለጻፍኩ ምክንያቱን እዚህ ልድገመው፦ `�` ሲታይ ሰው አንድ ችግር እንዳለ ያውቃል፤ ፊደሉ ዝም ብሎ ሲጠፋ ግን ዓረፍተ ነገሩ ትርጉሙን ቀይሮ ማንም ሳያስተውል ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው ትንሽ ነገር፣ ሪቪው እየተካሄደ ፎርስ ፑሽ አታድርጊ። አዲስ ኮሚት ጨምሪ፣ መርጅ ስናደርግ እኛው እናጣምረዋለን። የቀደሙት አስተያየቶች የየትኛው መስመር እንደነበሩ ጠፍቶብን ሁለቴ ከመጀመሪያው አንብበናል።

በእኛ በኩል የጎደለውም ቀላል አይደለም። ከአምስተኛው ክለሳ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ አጥተሽ ቆይተሻል። ከዚያ አንዳችን ዲኮደሩን በራሱ ፋንክሽን አውጪው ስንልሽ፣ በማግስቱ ሌላችን መልሰሽ አንድ ላይ አድርጊው አልንሽ፤ አንቺም ሁለቱንም ሠራሽ። ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ከዚህ በኋላ ለአንድ ፑል ሪኩዌስት የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል። በሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኘሽም በስሜ ጥሪኝ፣ እንደ ጭቅጭቅ አላየውም።

ጉልበቱ ካለሽ አንድ ሥራ አለ። ፋይልን ከመጨረሻው ወደ ኋላ የሚያነበው ክፍል ያው በሽታ አለበት፤ እዚያ ደግሞ ኢንክሪመንታል ዲኮደር አይረዳም። ነገር ግን በ`UTF-8` ከፊደሉ የመጀመሪያ ባይት በስተቀር ሌሎቹ ሁሉ በ`10` ቢቶች ስለሚጀምሩ፣ ፊደሉ የሚጀምርበትን ቦታ ቢበዛ ሦስት ባይት ወደ ኋላ ሄዶ ማግኘት ይቻላል። ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ ኢሹውን ለሌላ ሰው ሳልሰጥ አቆይቼዋለሁ። ማረፍ ከፈለግሽ ግን እረፊ፤ ይገባሻል።

በሚቀጥለው ሪሊዝ ማስታወሻ ላይ ስምሽ ይወጣል። በግዕዝ ፊደል ይሁን በላቲን፣ እንዴት ተጽፎ እንዲወጣ እንደምትፈልጊ እስከ ዓርብ ብትነግሪኝ በዚያው አስገባዋለሁ።