ዘ ሻይኒንግ፦ መጽሐፉ በእሳት፣ ፊልሙ በበረዶ

ስቴፈን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመውን ልብወለድ ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ፊልም ሲያደርገው ትልቁ ለውጥ መጨረሻው ነው ይባላል፣ ለኔ ግን ዋናው ገጸ ባህሪ ጃክ ራሱ ነው የተቀየረው። መጽሐፉ ላይ ጃክ መጠጥ ያቆመ፣ ልጁን ከልቡ የሚወድ፣ ግን አንዴ ተናዶ የልጁን እጅ የሰበረ ሰውዬ ነው፣ ክረምቱን ከቤተሰቡ ጋር ሊጠብቀው የገባበት በመናፍስት የተያዘ ሆቴል ቀስ እያለ ነው ከውስጥ የሚበላው። ፊልሙ ላይ ግን ጃክ ኒኮልሰን ገና ለስራ ኢንተርቪው ሲቀመጥ ፈገግታው ያስፈራል፣ ስለዚህ ይበላሽ ይሆን ሳይሆን መቼ ነው የሚለይለት እያልን ነው የምናየው።

መጨረሻውም ከዚሁ ነው የመጣው። መጽሐፉ ላይ ጃክ ለትንሽ ሰከንድ ወደ ራሱ ተመልሶ ልጁን ዳኒን ሩጥ ይለዋል፣ ከዛ የተረሳው የማሞቂያ ቦይለር ሆቴሉን ያፈነዳዋል። ኩብሪክ ያቺን ሰከንድ ቆርጦ ጣላት፣ ጃክ መጥረቢያውን ይዞ በቁጥቋጦ አጥር በተሰራ መውጫው በሚጠፋ ማዝ ውስጥ ሲንከራተት በረዶ ሆኖ ይቀራል። በነገራችን ላይ ማዙ መጽሐፉ ላይ የለም፣ እዛ ያሉት በእንስሳ ቅርፅ የተከረከሙ ቁጥቋጦዎች ናቸው፣ ይሄኛው ለውጥ እንኳን ተመችቶኛል።

የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ሃሎራን ግን ፊልሙ ላይ ሊያድናቸው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሆቴሉ ውስጥ እንደገባ መገደሉ አልተዋጠልኝም፣ መጽሐፉ ላይ እናትና ልጁን ይዞ የሚወጣው እኮ እሱ ነው።