ቁጥሩ ከተስማማ በኋላ፦ የብራና ዘመንና የየኔታ ትምህርት

ለጡረታ የወጡትን የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ተማሪዎቻቸው በማዕረጋቸው ሲጠሩ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ «የኔታ» ነው የሚሏቸው። ይህ ስም ከጉባኤ ቤት ተከትሏቸው አራት ኪሎ የገባ ሲሆን በኮሌጁ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ እንኳ አልተወገደም። በዚህ የክብር መድበል ውስጥ ስለ ትምህርተ ሥላሴና ስለ አንድምታ ያስተማሩት በሌሎች እጅ ይጻፋል። እኛ የምንይዘው ብዙ ሰው የነገረ መለኮት አካል አድርጎ የማይቆጥረውን፣ እርሳቸው ግን ከሁሉ አስቀድመው ያስተምሩት የነበረውን ነገር ነው፤ ምስክሩ ከመሰማቱ በፊት ዕድሜው ይጠየቅ የሚለውን።

ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። በቅባትና በጸጋ፣ በካራም ክርክር ዘመን የነበሩ ወገኖች ሁሉ ጥንታዊ ብራና ይጠቅሱ ነበር። እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ማለት እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ፣ አንድ ኅዳግ ላይ የተጻፈ ሐተታ በሚቀጥለው ግልባጭ ወደ ዋናው ንባብ ገብቶ የአበው ቃል መስሎ ሊገኝ ይችላል። የመጽሐፉ አካል የ15ኛው ምዕት ዓመት ቢሆንም የኅዳጉ እጅ የጎንደር ዘመን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ ሲጀምር የኔታ እርሳሳቸውን አንሥተው «የትኛው እጅ?» ይሉ ነበር። ብዕር በብራና አጠገብ እንዳይቀመጥ ይከለክላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉትም በዚሁ ሰዓት ነው።

ለልምምድ ያዘጋጁት ወረቀት እስከ ዛሬ በተማሪዎች ደብተር መሃል ይገኛል። በራሳቸው እጅ የደረሱት መደምደሚያ እንዲህ ይላል፦ «ተፈጸመ ዝንቱ መጽሐፍ በ፷፱፻፺ ዓመተ ዓለም፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አመ ፲ወ፪ ለኅዳር በዕለተ ረቡዕ፣ በመንግሥተ ንጉሥነ ናዖድ»። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ሰው እውነቱን ነው?

አሠራሩ በባሕረ ሐሳብ ነው። ከዓመተ ዓለሙ 5500 ሲቀነስ 1490 ዓ.ም. ይገኛል። 6990 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነውና ማርቆስ ትክክል ነው። ለዕለቱ ደግሞ የክፍያው ድርሻ 1747 ከ6990 ጋር ተደምሮ 8737 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ አንድ ማለት መስከረም 1 ማክሰኞ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ያለው 71 ቀን በሰባት ሲገደፍ አንድ ቀን ይተርፋልና ኅዳር 12 ረቡዕ ይውላል። ናዖድም በዚያ ዓመት በመንበሩ ላይ ነበር። ጨረቃንም ለሚሻ፣ 6990 በ19 ሲገደፍ 17 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 16 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 26፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 4 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሙላት አለባቸው፣ ይሞላሉም።

ከዚህ በኋላ ነበር ትምህርቱ የሚጀምረው። ፺ ደብዝዛ ፹ ተብላ ብትነበብስ? 6980 ለዮሐንስ ይወድቃል፣ ዓመቱም ናዖድ ከመንገሡ በፊት ነው፤ ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። አስቸጋሪው ግን ከ፺ ቀጥሎ የነበረች ፬ ስትፋቅ ነው። 6994ም ዘመነ ማርቆስ ነውና ወንጌላዊው ዝም ይላል፤ ንጉሡም ያው ናዖድ ነው። የሚናገረው ዕለቱ ብቻ ነው፤ በ6994 መስከረም 1 እሑድ ስለሚውል ኅዳር 12 ሰኞ ይሆናል። በወንጌላዊው ብቻ የሚተማመን ተማሪ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲስት አይሰማውም። ዕለት ሲጨመር ዙሩ 28 ዓመት፣ የጨረቃው 19 ሲጨመር ደግሞ 532 ዓመት ይሆናል፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በብራና ላይ «ዓመተ ምሕረት» ሲባል ሁልጊዜ ዛሬ የምንቆጥረው አይደለም፤ አንዳንዴ በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። «በ፻፶ ዓመተ ምሕረት» የሚል ሲገኝ 150 ዓ.ም. ብሎ የሚጽፍ አለ፤ በዚያ ዘመን ግእዝ ብራና ከየት ይምጣ? ከ1341 ዓ.ም. የጀመረው ቀመር ከሆነ በ150 ላይ 1340 ተደምሮ 1490 ይሆናል፣ ያው የናዖድ ዘመን። ዓመተ ሰማዕታትም ከሆነ 276 ይጨመርበታል። የትኛው እንደሆነ ሒሳቡ አይናገርም፤ ከ532 ዓመት በኋላ ወንጌላዊውም ዕለቱም አበቅቴውም እንደገና አንድ ይሆናሉና። ንጉሡ፣ ጳጳሱና የእጁ ጽሕፈት ናቸው የሚፈርዱት።

በዚህ ነጥብ ላይ ከየኔታ ጋር በትሕትና እንለያያለን። ወረቀታቸው ቁጥሩ ሁሉ ሲስማማ «ዘመኑ ታወቀ» ብሎ ይዘጋል። በእኛ አስተያየት የታወቀው የመደምደሚያው ዘመን እንጂ የብራናው አይደለም። ጸሐፊ መደምደሚያውን ከምንጩ ቃል በቃል ሲገለብጥ ቁጥሩ አይበላሽም፤ ጎበዝ ጸሐፊ ከሆነ ጭራሽ አይበላሽም። በ18ኛው ምዕት ዓመት በጉልሕ ጽሕፈት የተጻፈ መጽሐፍ የናዖድን ዘመን በሙሉ ትክክል ሊዘክር ይችላል። ስለዚህ ከሒሳቡ በኋላ ሌላ ሥራ አለ፦ መደምደሚያው ከዋናው ንባብ ጋር በአንድ እጅ መጻፉን ማየት፤ የባለ መጽሐፉ ስም ተፍቆ ሌላ ስም ገብቶበት እንደሆነ ብራናውን ወደ ብርሃን ማንሣት፤ ቅጠሎቹን በየጥራዙ መቁጠር። ብዙውን ጊዜ ስምንት ቅጠል ባለበት መጽሐፍ የመጨረሻው ጥራዝ ሦስት ቅጠል ቢሆን፣ መደምደሚያው ከሌላ መጽሐፍ ተቀድዶ የተሰፋ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል። ይህን ተቃውሞ ራሳቸው ቢሰሙት «የትኛው እጅ?» ያሉት ማን ሆነና ይላሉ፤ እውነትም የመከራከሪያችን ሥር ከእርሳቸው የተወሰደ ነው።

በኅትመት ያወጡት ጥቂት ነው፤ ይህን መደበቅ ውለታቸውን አይጨምርም። ዕውቀታቸው ያለው በተባዙ ወረቀቶችና በሌሎች ሰዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ ነው። ለማስተርስ ተማሪ ረቂቅ የሚሰጡት አስተያየት አንዳንዴ ከረቂቁ ይረዝማል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ወጥተው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የተማሪን ጥቅስ ከብራናው ጋር ያመሳክራሉ፤ ካልተስማማ በማግሥቱ የገጹን ቁጥር በእርሳስ ጽፈው ያስረክባሉ፣ ምንም ሳይናገሩ። ከ1965 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ከ9000 በላይ የብራና መጻሕፍት ለተማሪ ትልቅ በረከት መሆናቸውን ያምናሉ፤ ግን ፊልም ጥራዝን፣ ፍቀትንና የቀለም ልዩነትን በደንብ አያሳይምና «ከፊልም አንብቡ፣ ከብራና ፍረዱ» ይላሉ።

የልምምድ ወረቀቶቹ ተሰብስበው ከነመልሳቸው እንዲታተሙ የዚህ መድበል አዘጋጆች ፈቃዳቸውን ጠይቀዋል። የኔታ የተስማሙት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የናዖዱ ወረቀት «ዘመኑ ታወቀ» ከሚለው ቃል በታች ክፍት መስመር ይተውለት፣ ተቃውሞውን ተማሪው ራሱ ይሙላው ብለዋል።