የእህል መዝገቡ የዓምዶች መፍቻ፣ ደሴ፣ ከመስከረም 1990 እስከ ሰኔ 1993 ዓ.ም.

ይህ መፍቻ `ehil_dessie.csv` ከሚባለው ፋይል ጋር የሚሄድ ነው፤ እባካችሁ አንዱን ያለ ሌላው ለማንም አትስጡ። ፋይሉ አባቴ ደሴ ውስጥ በነበራቸው የእህል መደብር በእጃቸው የጻፉት የሽያጭ መዝገብ ግልባጭ ነው። ሦስት ደብተር፣ 2,316 መስመር፤ ከሰኞ መስከረም 5 ቀን 1990 እስከ ሰኞ ሰኔ 25 ቀን 1993 ዓ.ም. ይደርሳል። እህቴ እያነበበች እኔ ጻፍሁ፤ ከዚያ ቦታ ተለዋውጠን እንደገና አመሳከርን። አባቴ አሁን በሕይወት ስለሌሉ፣ ግራ የገባንን የጠየቅነው ሚዛን ይይዙላቸው የነበሩትን አዛውንት ነው። የእሳቸውን መልስ «የሚዛን ሰው ቃል» እያልሁ ለይቼዋለሁ።

ደብተሩ ሰባት ዓምድ ብቻ ነበረው፦ ቀን፣ ደንበኛ፣ እህል፣ ልክ፣ ዋጋ፣ ከየት፣ ምርመራ። ሌላው ሁሉ እኛ የጨመርነው ነው። የዓምዶቹን ስም በላቲን ፊደል የጻፍሁት አንዳንድ ፕሮግራሞች የግእዝ ፊደል የዓምድ ስም ስለሚያበላሹ ነው፤ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን አማርኛ ነው። ሁለት መስመር ለናሙና፣ ከዓምዶቹ ከፊሉ ብቻ፦

```
mesmer,ken_ec,ken_gc,elet,ehil,lik,melekia,kilo,waga,waga_le
3-014-07,1993-02-30,2000-11-09,ሐሙስ,ጤፍ ሰርገኛ,3,ኩንታል,300,228,አንድ
3-014-08,1993-02-30,2000-11-09,ሐሙስ,ምስር,4,ቁና,,52,ድምር
```

`mesmer` ደብተር፣ ገጽ፣ መስመር። `3-014-07` ማለት ሦስተኛው ደብተር፣ ገጽ 14፣ ከላይ ሰባተኛው መስመር ነው። የገጾቹ ፎቶግራፍም በዚሁ ቁጥር ስለተሰየመ፣ የተጠራጠራችሁትን ቁጥር ከአባቴ እጅ ጽሑፍ ጋር ልታመሳክሩ ትችላላችሁ። የተሰረዘ መስመርም ቁጥር አለው፤ ፋይሉ ውስጥ ግን አልገባም። ቁጥሩ አንዳንድ ቦታ የሚዘለው ለዚህ ነው።

`ken_ec` ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ፋይሉን በኤክሴል ስትከፍቱ ይህ ዓምድ ጽሑፍ ሆኖ እንዲነበብ አስቀድማችሁ ካላዘዛችሁ ይበላሻል። `1993-02-10` ጥቅምት 10 ነው፤ ኤክሴል ግን ፌብሩዋሪ 10 ብሎ ይወስደዋል። `1993-02-30` ሲደርስ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነ እንዲሁ። ስለዚህ አንዱ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ የሁለት ሳምንት ሥራ ያበላሸሁት በዚህ ነው። አንደኛው ደብተር ቀኑን በግእዝ ቁጥር ይጽፋል፤ በአባቴ አጣጣል ፮ እና ፯ ስለሚመሳሰሉ የተጠራጠርናቸው መስመሮች `gilts` ላይ ተመልክተዋል።

`ken_gc` ያው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር። ደብተሩ ላይ የለም፤ እኛ ያሰላነው ነው። 1991 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት የ1992 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ዝም ብሎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚደምር ሰው እዚያ ላይ በአንድ ቀን ይሳሳታል።

`elet` አባቴ ከቀኑ ጎን የጻፉት የሳምንቱ ቀን። በ19 መስመር ላይ ከቀኑ ጋር አይገጥምም። እንዲህ ሲሆን እኔ የማምነው የሳምንቱን ቀን ነው፤ ነጋዴ ቀኑ 11 ይሁን 12 ሊዘነጋ ይችላል፣ የገበያ ቀኑን ግን አይስትም። ቢሆንም አላረምሁም፤ ሁለቱም እንደተጻፉ አሉ።

`denbegna` የገዢው መለያ፣ ከ`ደ001` እስከ `ደ143`። ስሞቹን ሆን ብዬ አላስገባኋቸውም። መዝገቡ ማን ዕዳ እንደነበረበት፣ ማን ሳይከፍል እንደቀረ ይናገራል፤ ልጆቻቸው ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። በዚህ ምክንያት ፎቶግራፎቹም የደንበኛው ዓምድ ተሸፍኖ የተነሡ ናቸው። መለያውን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት ቤት ውስጥ ነው፣ ለማንም አይሰጥም።

`ehil_tsihuf` እና `ehil` የመጀመሪያው ደብተሩ ላይ እንዳለ ነው፤ «ጤ/ሰ»፣ «ሰርገኛ»፣ «ጤፍ ሰርገ.» ሁሉም አሉ። ሁለተኛው ወደ አንድ ስም ያመጣናቸው ነው። «ጤፍ» ብቻ ተብሎ ዓይነቱ ካልተጠቀሰ `ጤፍ ያልተለየ` ብለነዋል፤ ነጭ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

`lik`፣ `melekia`፣ `kilo` ብዛቱ፣ መለኪያው፣ በኪሎ ሲሆን። ኩንታል 100 ኪሎ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ተደርጎ ተባዝቷል። ቁናን ግን አልነካሁትም። ቁናውም ኪሎውም ጎን ለጎን የተጻፈባቸው 31 መስመሮች አሉ፤ በእነሱ እንኳን አንዱ ቁና ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ተኩል ይለያያል። የሚዛን ሰው ቃል፦ «ጢም ያለና የተላገ አንድ አይደለም፤ ለዘመድ ጢም አድርገን እንሰፍራለን።» ስለዚህ ከ31ዱ በስተቀር የቁና መስመሮች ኪሎ ባዶ ነው፤ በአማካይ አትሙሉት።

`waga` እና `waga_le` ዋጋው በብር። ከዓምዶቹ ሁሉ ብዙ የደከምንበት ይህ ነው፣ ምክንያቱም አባቴ አንዳንዴ የአንዱን መለኪያ ዋጋ፣ አንዳንዴ የጠቅላላውን ይጽፉ ነበር፤ ደብተሩ የትኛው እንደሆነ በቃል አይናገርም። ለብዙ ቀን ግራ ተጋብተን ቆየን። ከዚያ እህቴ ገጹን ወደ መስኮቱ ዘንበል ስታደርግ ከአንዳንድ ዋጋዎች ሥር ጥፍር የምታህል ቀጭን መስመር አየች፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ የእስክሪብቶው ጫና ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። የሚዛን ሰው ቃል፦ «የተሰመረበት ድምር ነው።» ከግርጌያቸው የገጽ ድምር ባላቸው 44 ገጾች ላይ ሞከርነው፤ በ41ዱ ሒሳቡ ገጠመ። `አንድ`፣ `ድምር`፣ `አይታወቅ` የሚሉት እንዲህ የተለዩ ናቸው። የኪሎ ዋጋ ለማውጣት፦

```
አንድ ከሆነ፦ waga * lik / kilo
ድምር ከሆነ፦ waga / kilo
```

`አይታወቅ` የሚሉትን 57 መስመሮች ከስሌት አውጧቸው። ባዶ ዋጋ ማለት አባቴ አልጻፉም ማለት ነው፤ `0` ግን በነጻ ሰጡ ማለት ነው፤ ስድስት ቦታ አለ፣ ሁሉም ምርመራው ላይ «ለሐዘን ቤት» ይላል።

`dube` በዱቤ ከሆነ `1`፣ በእጅ በእጅ ከሆነ `0`። የዱቤው ዋጋ ላቅ ይላል፤ የገበያ ዋጋ የምትፈልጉ `0` የሆነውን ብቻ ውሰዱ።

`keyet` እህሉ የመጣበት። እዚህ ያለው «ቦረና» የደቡብ ወሎው፣ መካነ ሰላም ያለችበት ወረዳ ነው እንጂ የኦሮሚያው ዞን አይደለም። «ኮምቦልቻ»ም የእኛዋ ናት፣ የሐረርጌዋ አይደለችም፤ እሷ ስትጻፍ እህሉ የተጫነበትን እንጂ የበቀለበትን አታሳይም። ደላንታ፣ ጃማ፣ ወረኢሉና ተንታ ግልጽ ናቸው። «ቆላ» ብቻ የሚለውን እንዳለ ትተነዋል።

`gilts` የንባባችን እርግጠኝነት፦ `ግልጽ`፣ `ግምት`፣ `አልተነበበም`። «ከላይ እንደተጻፈው» የሚለው ምልክት ከተሰረዘ መስመር ሥር ሲመጣ ሁሌም `ግምት` ብለነዋል።

`mirmera` አባቴ የጻፉት ቃል በቃል፣ ከነአጻጻፉ። ከሰኔ 1991 ጀምሮ ለሳምንታት የገብስ መስመር የለም፤ ገጽ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዓመት የወሎ በልግ ከሽፎ ነበር። የገጹ ምርመራ ላይ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የተጻፈው «ገብስ አልወጣም» የሚል ነው፤ ሌሎቹ ዓምዶች ባዶ ስለሆኑ እነዚህን ሦስት መስመሮች በስህተት እንዳትሰርዟቸው።