በገርጂ የሚገኝ አፓርታማ ለመግዛት የቀረበ የጽሑፍ ሐሳብ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለወይዘሮ አልማዝ ተፈራ እና ለአቶ ግርማ ወልዴ
ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ገርጂ

ጉዳዩ፦ በ5ኛ ፎቅ ላይ የሚገኘውን ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ለመግዛት የቀረበ ዋጋና ቅድመ ሁኔታ

ባለፈው ቅዳሜ ቤታችሁን ከፍታችሁ ስላሳያችሁን፣ ለጥያቄዎቻችንም ሳትሰለቹ ስለመለሳችሁልን እናመሰግናለን። ከባለቤቴ ጋር መክረን ቤቱን ለመግዛት ወስነናል። በቃል የተነጋገርነው በኋላ እንዳያከራክረን፣ የምንሰጠውን ዋጋና የምንገዛበትን ሁኔታ በጽሑፍ አቅርበናል።

የምናቀርበው ዋጋ 14,200,000 (አሥራ አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ) ብር ነው። እናንተ የጠየቃችሁት 15 ሚሊዮን እንደሆነ እናውቃለን። ልዩነቱ የመጣው ከስፋቱ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ 118 ካሬ ሜትር ቢባልም ያሳያችሁን ካርታ የሚለው 112 ነው። በረንዳው ተደምሮ ሊሆን ይችላል፤ ባንኩም ሆነ እኛ ግን የምንይዘው ካርታው ላይ ያለውን ነው።

ከዚህ ዋጋ ውስጥ 6,200,000 ብር ከራሳችን ቁጠባ እንከፍላለን። ቀሪውን 8,000,000 ብር ለብዙ ዓመታት ስንቆጥብበት ከቆየነው ባንክ በቤት መግዣ ብድር እናገኛለን ብለን እንጠብቃለን። ማመልከቻው ገብቷል፤ የገቢ ማስረጃዎቻችንም ተቀባይነት አግኝተዋል። የቀረው የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን አይቶ የሚሰጠው ግምት ነው። ይህ ግምት ከገበያው ዋጋ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ አስቀድመን አስበንበታል። ባንኩ የሚፈቅደው ብድር እስከ 7,500,000 ብር ድረስ ዝቅ ቢል ልዩነቱን ከራሳችን እንሞላለን። ከዚያ በታች ከወረደ፣ ወይም እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ብድሩ ካልጸደቀ፣ ውሉን ያለ ቅጣት የማፍረስ መብት እንዲኖረን እንጠይቃለን። መሐንዲሱ ሲመጣ ቤቱን ክፍት እንድታደርጉለትና የካርታውን ቅጂ እንድትሰጡን እንፈልጋለን።

ሐሳባችንን ከተቀበላችሁ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ስንፈራረም 500,000 ብር ቀብድ በሲፒኦ እንሰጣለን። ከዚያ በፊት ምንም ገንዘብ አንከፍልም፤ የደላላችሁን የ«መያዣ» ጥያቄም ያልተቀበልነው በዚሁ ምክንያት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ብድሩ ባለመጽደቁ ወይም ከዚህ በታች በተመለከተው ፍተሻ ምክንያት ውሉ ቢቀር፣ ሐሳባችንን እንደቀየርን ተቆጥሮ ቀብዱ እንዳይወረስና በ10 ቀን ውስጥ ያለ ጭማሪና ያለ ቅናሽ እንዲመለስልን በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ገንዘቡ ሳይከፈል ስም ማዛወር እንደሚያሳስባችሁ ወይዘሮ አልማዝ ነግረውናል፤ ስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ስሙ ከመዛወሩ በፊት ከቁጠባችን የሚከፈለው ቀሪ 5,700,000 ብር በሲፒኦ ይሰጣችኋል፤ የብድሩን ገንዘብ ደግሞ ካርታው በስማችን ሆኖ መያዣው እንደተመዘገበ በቀጥታ ወደ ሒሳባችሁ እንደሚያስገባ ባንኩ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ በእጃችሁ ይገባል። ደብዳቤውን ሳትይዙ ስም እንድታዛውሩ አንጠይቅም።

በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የምንከፍለው ዋጋ ራሱ እንዲሆን እንፈልጋለን። ግብርና ቀረጥ ለመቀነስ ዝቅ ያለ ቁጥር መጻፍ እንደሚቻል የነገረን ሰው ነበር፤ እኛ አንስማማም። ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ውሉ ቢፈርስ የከፈልነውን ማስረዳት አንችልም። የስም ማዛወሪያውን የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ እኛ፣ በሽያጩ ጥቅም ላይ የሚጠየቀውን ግብር እናንተ፣ የደላላ ክፍያን ሁላችንም በየፊናችን እንከፍላለን።

ስለ ቤቱ ሁኔታ፦ ውሉ በተፈረመ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እኛ የምንቀጥረው መሐንዲስ ገብቶ እንዲፈትሽ ይፈቀድልን፤ ወጪው የእኛ ነው። ለጉብኝት የመጣን ዕለት ሁለት ነገር አይተናል። በሁለተኛው መኝታ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ታችኛው ክፍል ቀለሙ አብጦ ተልጧል። አቶ ግርማ የድሮ ነው፣ ተጠግኗል ብለዋል፤ እንደዚያ ከሆነ መሐንዲሱ በአንድ ቀን ያረጋግጠዋል። ቱቦው አሁንም የሚያፈስ ከሆነ ግን ጥገናው ወለል ማስነሳትን ስለሚጠይቅ ቀላል አይደለም፤ የታችኛውንም ጎረቤት ይነካል። ሁለተኛው የውሃው ጉዳይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 5ኛ ፎቅ ላይ መኖር በፓምፑና በታንከሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑ ጠፍቶና በርቶ ግፊቱ ይለካልን። የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ አሳንሰሩና የሕንፃው ጄኔሬተርም ይታያሉ። የተሰነጠቀ ሴራሚክ ወይም የተላላጠ ቀለም ግን አንቆጥርም።

መሐንዲሱ የሚያገኘው ጉድለት ለመጠገን እስከ 150,000 ብር የሚጠይቅ ከሆነ እኛው ችለን እንገዛለን። ከዚያ ካለፈ ትርፉን ከዋጋው ላይ ልትቀንሱልን፣ ወይም ከርክክቡ በፊት ልታስጠግኑት ትችላላችሁ፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ሁለቱንም ካልፈለጋችሁ ውሉ ይቀራል፤ ቀብዱም ይመለሳል።

ከፊርማው በፊት የምንጠይቃቸው ሰነዶች የሚከተሉት ናቸው፦ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃችሁ፣ የጋራ ሕንፃው ማኅበር ወርሃዊ መዋጮው እስከ ጥቅምት መከፈሉን የሚገልጽበት ደብዳቤ። ካርታው በወይዘሮ አልማዝ ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ንብረት ስለሆነ ሁለታችሁም መፈረም ይኖርባችኋል። አቶ ግርማ በዚያ ጊዜ ወደ ጅማ የሚሄዱ ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ይተውልን።

የርክክቡ ቀን ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲሆን እንጠይቃለን። እናንተ እስከ የካቲት መጨረሻ መቆየት እንደምትፈልጉ ሰምተናል፤ የተከራየነውን ቤት ጥር 30 መልቀቅ ስላለብን ግን ይህን መቀበል አልቻልንም። ጥር 15ን የመረጥነው በጥምቀት ሰሞን ዕቃ ማጓጓዝ እንዳያስቸግራችሁ ብለን ነው። አዲሱ ቤታችሁ ከዘገየ እስከ ጥር 25 ያለ ምንም ክፍያ እንታገሣለን። ከዚያ በኋላ ላለፈው ለእያንዳንዱ ቀን 3,000 ብር ከቀሪው ክፍያ ላይ ይቀነሳል፤ ለዚህም ሲባል ከ5,700,000 ብሩ ውስጥ 100,000 ብር ቁልፍ እስክንረከብ በእኛ ዘንድ ይቆያል። በበኩላችን የባንኩ ክፍያ በእኛ ጥፋት ቢዘገይ ያንኑ 3,000 ብር በቀን እንከፍላለን።

የኩሽናው ካቢኔ፣ ከግድግዳ ጋር የተሠሩት ሁለት ቁም ሳጥኖች፣ የውሃ ማሞቂያውና በረንዳው ላይ ያለው ታንከር ከቤቱ ጋር ይቀራሉ። መጋረጃዎቹና ሳሎን ያለው መብራት የእናንተ ናቸው። በርክክቡ ዕለት የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ አብረን እንመዘግባለን፤ እስከዚያ ያለው ፍጆታ የእናንተ ነው። የመኪና ማቆሚያው ቦታ ከቤቱ ጋር የሚተላለፍ መሆኑም በማኅበሩ ደብዳቤ ላይ ይካተትልን፤ በቃል የተባለውን ብቻ ይዘን መግዛት አንፈልግም።

ይህ ሐሳብ እስከ ሐሙስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ የጸና ነው። እስከዚያ በጽሑፍ ከተቀበላችሁት ውሉን የምናዘጋጅበትን ቀን እንወስናለን፤ መለወጥ የምትፈልጉት ነጥብ ካለም ከጎኑ ጽፋችሁ መልሱልን። ቀኑ ካለፈ ግን ሐሳቡ ቀሪ ይሆናል። ይህ ደብዳቤ በራሱ የሽያጭ ውል አይደለም፤ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መፈረም ስላለበት፣ እስከዚያ ድረስ እናንተም እኛም በግዴታ አንታሰርም።

ከአክብሮት ጋር

ሄለን አበራ (ፊርማ)
ዳዊት ሽፈራው (ፊርማ)
ገዢዎች