የስራ ወረቀት መ-4/2፦ የግዢ ክፍያ ናሙና ፍተሻ

ደንበኛ፦ የፈርኒቸር ፋብሪካው (ፋይል 17)
የሂሳብ ዘመን፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016
አዘጋጅ፦ ተለማማጅ ኦዲተር ሰ.መ.፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017

ምን ፈለግኩ? የግዢ ክፍያ ሳይፈቀድ፣ ዕቃው ገቢ ሳይሆን ወይም ዊዝሆልዲንግ በትክክል ሳይቀነስ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት።

ናሙናው እንዴት ተመረጠ? የዓመቱ የግዢ ክፍያ ቫውቸሮች ከቁጥር 2201 እስከ 2612 ናቸው፤ 412 ማለት ነው። ከምርጫው በፊት ጥራዞቹን ከመዝገቡ ጋር በተርታ አመሳከርኩ። የጎደለ ቁጥር የለም። 2298፣ 2463 እና 2540 የተሰረዙ ናቸው።

በዕቅዱ 25 ይበቃ ነበር። 412 ለ25 ሲካፈል 16.48 ስለሆነ በየ16ቱ ቆጠርኩ። መነሻው በዕጣ 7 ወጣ፤ ስለዚህ 2207፣ 2223፣ 2239 እያለ ይሄዳል። ቆጠራው 2607 ላይ 26ኛ ሰጠኝ። እሱን ብተወው የሰኔ መጨረሻ ቫውቸሮች የመመረጥ ዕድል አይኖራቸውም ነበር፤ ስለዚህ ናሙናው 26 ሆነ። 2463 ስሩዝ ስለሆነ ዋናውና ቅጂዎቹ ጥራዙ ላይ መኖራቸውን፣ ከባንክም ገንዘብ አለመውጣቱን አይቼ በ2464 ተካሁት።

ምን ምን አየሁ? ለእያንዳንዱ ቫውቸር፦ ሀ) የስራ አስኪያጁ ፊርማ፣ ለ) የአቅራቢው ደረሰኝና መጠኑ፣ ሐ) የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ቀኑ ከክፍያው በፊት መሆኑ፣ መ) 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ በሚመለከተው ላይ፣ ሠ) የባንክ መግለጫ። ባለፈው ወረቀቴ "ታይቷል፣ ትክክል ነው" ብዬ ብቻ ጽፌ ስለተመለሰብኝ፣ በሰንጠረዡ (መ-4/3) ላይ የየሰነዱን ቁጥርና ቀን ለየብቻ አስፍሬያለሁ።

ያልተስማሙ

ቫውቸር 2415 (ጥር 8)። ዕቃው 75,000 ብር፣ ቫት 11,250፣ ድምር 86,250 ብር። ዊዝሆልዲንግ የተሰላው ከድምሩ ላይ ነው፤ 1,725 ብር ተቀንሷል። ቫትን ሳይጨምር ቢሰላ 1,500 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 225 ብር ነው። ያው ሰራተኛ ያዘጋጃቸው ሌሎች 4 ቫውቸሮች ናሙናው ውስጥ አሉ፤ ዊዝሆልዲንጋቸውን ደግሜ አስልቼ ትክክል አገኘሁት።

ቫውቸር 2543። ክፍያው ግንቦት 6፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ግንቦት 19። የሂሳብ ሹሙ "መጋዘን ያዡ ፈቃድ ላይ ነበር" አሉኝ። በቃል ብቻ አልተቀበልኩም፤ የአቅራቢውን የማስረከቢያ ሰነድ ጠየቅኩ። ግንቦት 5 ተፈርሞበታል (ቅጂ መ-4/4)። ዕቃው ከክፍያው በፊት መድረሱን ይህ ያሳያል። ቁጥጥሩ ግን አልሰራም፤ ገንዘብ ያዡ ያለ ገቢ ደረሰኝ ከፍሏል። ስለዚህ እንደ ግድፈት ቆጥሬዋለሁ።

ውጤት፦ ከ26ቱ 24ቱ ያለ እንከን አልፈዋል። ዕቅዱ የሚፈቅደው 1 ግድፈት ሲሆን የተገኘው 2 ነው። ስለዚህ በቁጥጥሩ እንደታሰበው መተማመን ይቻላል ብዬ መደምደም አልቻልኩም። የ2543 ዓይነት በመጋዘን ያዡ ፈቃድ ወቅት ተደጋግሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የግንቦትን ቫውቸሮች በሙሉ ለዕቃ ገቢ ደረሰኝ ብቻ ብናያቸው እላለሁ። ውሳኔው የሲኒየሩ ነው።