ግሩፑ ለምን እንደተዘጋ፣ አንድ ሰው ለምን እንደወጣ

ሰላም ለሁላችሁ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ጀምሮ እዚህ መጻፍ የሚችለው አድሚን ብቻ ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሁለት አድሚኖች ጠዋት አይተው ተስማምተውበታል። ነገ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንከፍተዋለን። እስከዚያ ይህን አንብቡት። ረዘም ይላል፤ ግን በችኮላ የተጻፈ አጭር ነገር ምን እንዳደረገን ትናንት አይተናል።

ጭቅጭቁን ያስነሳው ቪዲዮ የተለጠፈው ትናንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ከሥሩ «እነሱ ያደረጉትን እዩ» ይላል። በ3 ሰዓት ውስጥ 412 መልእክት ተጻፈ። ጠዋት ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩ። ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ በኋላ ስለ ቪዲዮው የሚያወራ ሰው የለም። ወሬው ስለ እኛው ሆኗል። ማን ከየት እንደመጣ፣ የማን አባት የት እንደተወለደ። «አንተማ ስምህ ይናገራል» ተባብለናል። አንድ ክፍል ውስጥ 4 ዓመት አብረን ተምረን፣ ማስታወሻ ተዋውሰን፣ ስማችን መናገር የጀመረው ትናንት ማታ ነው?

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። 4 ሰዓት ከ10 ላይ አንድ ልጅ ቪዲዮው ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተቀረጸ መሆኑን ከነማስረጃው አመጣ። አንድ ሰው ብቻ መለሰለት፤ «ቢሆንም አያደርጉትም አይባልም» አለው። ከዚያ በኋላ እውነቱን የፈለገ አልነበረም። የተፈለገው ጠላት ነበር።

የራሴን ጥፋት ልናገር። 3 ሰዓት ተኩል ላይ አይቼው ነበር። «ይበርዳል» ብዬ ስልኬን አስቀመጥኩ። አልበረደም። ኋላ ላይ በእንቅልፍ ዓይኔ ስመለስ ደግሞ ያጠፋሁት የአንዱን ወገን መልእክት ብቻ ነበር። አውቄ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ መጨረሻ የነበሩት እነሱ ስለሆኑ ነው። መልእክታቸው የጠፋባቸው ሰዎች «አድሚኑም ያው ነው» ብለዋል። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እል ነበር። ይቅርታ። ቴሌግራም አድሚን ያጠፋውን ለ48 ሰዓት በመዝገብ ይይዛል። ሌሎቹ ሁለቱ መዝገቡን ከፍተው ያጠፋሁትንም የተውኩትንም አመሳክረዋል። ከሌላው ወገንም 9 መልእክት ጠፍቷል።

አሁን ወደ ውሳኔው። አንድ አባል ወጥቷል። ሁለት አባላት ለ7 ቀን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችሉም። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ለእያንዳንዳቸው ምክንያቱን በኢንቦክስ ጽፈንላቸዋል።

የወጣው ሰው የወጣው በፖለቲካ አቋሙ አይደለም። ያንን አቋም የሚጋሩ ብዙዎች አሁንም እዚሁ አሉ፤ ይኖራሉም። የወጣው የአንዲትን አባላችንን የመሥሪያ ቤት አድራሻ ለጥፎ «የምትገኝበትን አውቃችኋል» ስላለ ነው። ለዚህ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። ዛቻ፣ «እንምታቸው» ማለት፣ የሰው አድራሻ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ማውጣት ወዲያው ያስወጣል። «ስቀልድ ነው» የሚለው መልስም አይመልስም፤ የተዛተባት ሴት ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሕዝብን በጅምላ በእንስሳ፣ በነፍሳት ወይም በበሽታ ስም መጥራትም እንዲሁ ነው። «ስድብ ብቻ ነው» ላላችሁኝ፦ ሩዋንዳ ውስጥ አርቲኤልኤም የሚባለው ሬዲዮ ቱትሲዎችን «ኢንየንዚ»፣ በረሮ ማለት ነው፣ እያለ ይጠራ ነበር። ቃሉ ከሬዲዮው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1994 በ100 ቀን ገደማ ውስጥ ስንት መቶ ሺህ ሰው እንዳለቀ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ችሎት ከሬዲዮው መሥራቾች ሁለቱንና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኛ ብሏል። ትናንት የጻፋችሁት ያንን ያህል ነው እያልኩ አይደለም። ግን በረሮን መርገጥ ማንንም አይከብደውም፤ ቃሉ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ከዚህ መለስ ያለው በአንድ ማስጠንቀቂያ ይታያል። ውሸት መሆኑ በማስረጃ የተነገረውን ነገር ደግሞ መለጠፍ፣ «ተው» ከተባለ በኋላ የአንድን ሰው ብሔር እያነሱ መነካካት፣ ኢንቦክስ ገብቶ መሳደብ። ከደገመ ይወጣል። ሁለቱ የታገዱት በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። «ወገኔ ተበድሏል» ማለት አያስወጣም። ፓርቲ መደገፍ፣ መንግሥትን መንቀፍ፣ ሌላውን የሚያሳምም ታሪክ ማንሳት፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ የሁሉንም ተቃራኒ መናገር፣ አንዱም አያስወጣም። ሰው በሐዘኑ ላይ ቃል ቢበዛበት እንታገሠዋለን። «ወገኔ ተበድሏል» የሚለው ግን «ወገናችሁ ይከፍላታል» ሲሆን ሌላ ነገር ሆኗል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ራስ ሕመም ነው፣ ሁለተኛው እዚህ የተቀመጠን ሰው ባልሠራው ዕዳ ይጠይቃል።

ቅኔ የምታበዙ ልጆችም አላችሁ። ሰሙን ተረት አድርጋችሁ ወርቁ ስድብ የሆነ። «ተረት ነው የተናገርኩት» የሚለው ከእንግዲህ አይሠራም፤ እኛም አማርኛ እንሰማለን። ሲያጠራጥረን ግን ለተናጋሪው እናደላለን፤ ጠይቀን እንጂ ገምተን አናስወጣም።

ማን ይወስናል ለሚለው፦ ከሦስታችን ሁለታችን መስማማት አለብን። በጭቅጭቁ ውስጥ እጁ ያለበት አድሚን ድምፅ የለውም። ዛቻና አድራሻ ማውጣት ብቻ በአንድ አድሚን ወዲያው ይፈጸማል፤ ሌሎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ አይተው ያጸድቁታል ወይም ይሽሩታል። የወጣ ሰው ከ30 ቀን በኋላ ለመመለስ መጠየቅ ይችላል። አድራሻዋ የተለጠፈባት አባላችን ግን «አልፈልግም» ካለች የለጠፈው ሰው አይመለስም። በዚህ ላይ ድምፅ አንሰጥም።

እስከ ነገ ማታ ሦስት ነገር እለምናለሁ፤ ልመና ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። ጭቅጭቁን ኢንቦክስ ወይም ሌላ ግሩፕ አትውሰዱት። የትናንቱን ስክሪንሾት ከነስምና ከነስልክ ቁጥር ወደ ውጭ አታውጡ፤ ያወጣ ሰው አድራሻ እንዳወጣ ይቆጠራል። ቪዲዮውንም ካወረዳችሁት አጥፉት።

ሲከፈት ለ3 ቀን አንድ ሰው በ5 ደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ ነው የሚጽፈው። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ስለ ቪዲዮው የሚቀጥል መልእክት ይጠፋል፤ የማንም ይሁን። በርዕሱ ላይ በቁም ነገር መነጋገር የምትፈልጉ ካላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት በድምፅ እንገናኝ፤ ሰው የሰውን ድምፅ እየሰማ እንደ ትናንቱ መናገር ይከብደዋል።

አንድ ነገር ረስተናል። 2 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ቪዲዮው ከመምጣቱ 10 ደቂቃ በፊት፣ አንዲት ልጅ ሐሙስ የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዳለባት ጽፋ ምክር ጠይቃ ነበር። ጥያቄዋ ከ412 መልእክት ሥር ተቀብሯል። ፒን አድርጌዋለሁ። ነገ ሲከፈት መጀመሪያ ለእሷ መልሱላት።